«ተቀብለናል» የሚለው ኢሜይል ውል የሚሆነው መቼ ነው? የአዲስ አበባ ላኪና የለንደን ገዢ

የኒው ዮርክ የአረቢካ ቡና ዋጋ እ.ኤ.አ. በ2024 መገባደጃ ከ1977 ወዲህ ታይቶ የማያውቅ ደረጃ ላይ ደረሰ። በፌብሩዋሪ 2025 ደግሞ በሊብራ ከ400 የአሜሪካ ሳንቲም አለፈ። ዋጋ በሸጡበት ቀንና በጭነቱ ቀን መካከል እንዲህ ሲሮጥ፣ በስምምነቱ የተጎዳው ወገን መጀመሪያ የሚያደርገው የኢሜይል ሳጥኑን ከፍቶ «ለመሆኑ ውል ነበረን?» ብሎ መጠየቅ ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው። ቡና በአብዛኛው የሚሸጠው ሁለት ወገኖች ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው በሚፈርሙት ወረቀት ሳይሆን በአምስትና ስድስት አጫጭር መልእክቶች ነው። ፒዲኤፉ የሚመጣው በኋላ ነው፤ አንዳንዴም ጨርሶ አይመጣም።

እዚህ አንድ ሽያጭ ይዘን ከመጀመሪያው መልእክት እስከ መጨረሻው እንከተለዋለን። ሽያጩ ለማስረዳት የተዘጋጀ ምሳሌ ነው፤ የሚጠቀሱት ሕጎችና የፍርድ ቤት ውሳኔዎች ግን እውነተኛ ናቸው። ሻጩ አዲስ አበባ ያለ ቡና ላኪ፣ ገዢው ለንደን ያለ አስመጪ ነው። መልእክቶቹ በእንግሊዝኛ ተጻፉ እንበል፤ ይዘታቸው ይህ ነው።

ሰኞ ጠዋት ገዢው፦ «የታጠበ ይርጋጨፌ ደረጃ 2 አላችሁ? ዋጋችሁስ?»

ሰኞ ከሰዓት ሻጩ፦ «320 ጆንያ፣ እያንዳንዱ 60 ኪሎ፣ በጥር የሚጫን፣ ኤፍኦቢ ጅቡቲ፣ በሊብራ 300 ሳንቲም። ይህ ኦፈር እስከ ረቡዕ 17፡00 በአዲስ አበባ ሰዓት የጸና ነው።»

ማክሰኞ ገዢው፦ «በ290 ይቻል ይሆን?»

ረቡዕ 16፡52 ገዢው፦ «በ300 ተቀብለናል። ኮንትራቱን እንልካለን።»

320 ጆንያ 19,200 ኪሎ ነው፤ ወደ 42,329 ሊብራ ይመጣል። በ300 ሳንቲም ሲሰላ 126,987 ዶላር ገደማ ነው። በሊብራ የአሥር ሳንቲም ልዩነት 4,233 ዶላር ስለሆነ፣ የማክሰኞዋ አጭር ጥያቄ ቀላል ጥያቄ አይደለችም።

መጀመሪያ መታወቅ ያለበት የትኛው አገር ሕግ እንደሚገዛው ነው። ነጋዴው ይህን ጥያቄ ከሁሉም በኋላ ነው የሚያነሳው፤ መልሱ ግን ከዚህ በታች ያለውን ሁሉ ይለውጣል። ሁለቱ ወገኖች «በእንግሊዝ ሕግ» ብለው ከጻፉ ነገሩ አለቀ። ምንም ካልጻፉ ግን የእንግሊዝ ፍርድ ቤት ራሱ የሚከተለው ደንብ፣ ማለትም ብሪታንያ ከአውሮፓ ኅብረት ስትወጣ በአገር ሕግነት ያስቀረችው ሮም አንድ የሚባለው፣ የዕቃ ሽያጭ ውል ሻጩ በሚኖርበት አገር ሕግ ይገዛል ይላል። ሻጩ አዲስ አበባ ስለሆነ ሕጉ የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግ ይሆናል። ዓለም አቀፉ የዕቃ ሽያጭ ስምምነት፣ የቪየናው፣ እዚህ አይገባም፤ ኢትዮጵያም ብሪታንያም አባል አይደሉም። ስለዚህ ሁለቱን ሕጎች ጎን ለጎን ይዘን እንሄዳለን።

የሰኞው መልስ ኦፈር ነው ወይስ የዋጋ መግለጫ?

የሻጩ መልእክት ዓይነቱን፣ ብዛቱን፣ ዋጋውን፣ የጭነት ወሩን፣ የማስረከቢያ ቦታውንና የሚቆይበትን ጊዜ ይዟል። ገዢው «እሺ» ከማለት በቀር የሚጨምረው ነገር የለም። ኦፈር የሚባለው እንዲህ ያለው ነው፤ በአንድ ቃል ተቀባይነት ብቻ ሙሉ ውል ሊወጣው የሚችል መልእክት።

ሻጩ «የዚህ ሳምንት ዋጋችን 300 አካባቢ ነው» ብሎ ቢመልስ ኖሮ ኦፈር አይሆንም ነበር። በዚህ ላይ ዛሬም የሚጠቀሰው እ.ኤ.አ. በ1893 ከጃማይካ በይግባኝ ለንደን የደረሰው የሃርቬይና የፌሲ ጉዳይ ነው። ገዢዎቹ በቴሌግራም ሁለት ነገር ጠየቁ፦ መሬቱን ትሸጥልናለህ? የመጨረሻ ዝቅተኛ ዋጋህስ ስንት ነው? ባለቤቱ የመለሰው ለሁለተኛው ብቻ ነበር፤ 900 ፓውንድ አለ። ገዢዎቹ «በ900 ተቀብለናል» ብለው ቢመልሱም ውል አልነበረም። ባለቤቱ ዋጋ ተናገረ እንጂ እሸጣለሁ አላለም። በኢትዮጵያ ሕግም ቁጥር 1687 ለሕዝብ የሚሠራጭ የዋጋ ዝርዝርና ካታሎግ ብቻውን ኦፈር እንደማይሆን ይደነግጋል። ስለዚህ ለአርባ ገዢዎች በአንድ ጊዜ የምትልኩት ሳምንታዊ የዋጋ ሰንጠረዥ አያስራችሁም። በስሙ ለአንድ ገዢ ብዛትና ቀን ጠቅሳችሁ የምትጽፉት ግን ያስራችኋል፤ ከላይ «ለመረጃ ያህል» ብላችሁ ካልጻፋችሁ በስተቀር።

የሰዓቱ ነገር ችላ መባል የለበትም። ሻጩ «17፡00 በአዲስ አበባ ሰዓት» ማለቱ ትክክል ነው። በክረምታቸው ለንደን 14፡00፣ በበጋቸው 15፡00 ይሆናል ማለት ነው። በአገራችን አቆጣጠር «እስከ ረቡዕ 6 ሰዓት» ብሎ ቀትርን ማለቱ ቢሆን ግን፣ ለንደን ያለው ሰው 18፡00 ብሎ ሊያነበው ይችላል። የእንግሊዝ ፍርድ ቤት የሚጠይቀው ሻጩ በልቡ ምን አሰበ ሳይሆን፣ በተቀባዩ ቦታ ያለ አስተዋይ ሰው መልእክቱን እንዴት ይረዳው ነበር የሚለውን ነው። የኢትዮጵያ ሕግም በቁጥር 1680 ሌላው ወገን ያላወቀው የውስጥ ገደብ በተገለጸው ስምምነት ላይ ለውጥ አያመጣም ይላል። ጉዳቱ የሚያርፈው ባልገለጸው ላይ ነው። የቀን አቆጣጠሩም እንደዚሁ ነው፤ «ጥር» ተብሎ ወደ ጃንዋሪ የሚተረጎም የጭነት ወር በሁለቱ ካሌንደሮች መካከል የስምንት ቀን ገደማ ልዩነት ይተዋል፤ መርከብ ለሚጠብቅ ኮንቴይነር ይህ ትንሽ አይደለም።

የማክሰኞዋ ጥያቄ

ገዢው «በ290 ይቻል ይሆን?» ሲል የሻጩን ኦፈር ገደለው ወይስ አልገደለውም? ከገደለው የረቡዑ «በ300 ተቀብለናል» የሚቀበለው ነገር የለውም፤ ራሱ አዲስ ኦፈር ይሆናል፣ ሻጩም ዝም የማለት መብት አለው።

እ.ኤ.አ. በ1840 በተወሰነው የሃይድና የሬንች ጉዳይ ሻጩ እርሻውን በ1,000 ፓውንድ አቀረበ፤ ገዢው 950 እከፍላለሁ አለ፤ ሻጩ አልተስማማም። ከዚያ ገዢው «እንግዲያው በ1,000 ይሁን» ቢል ፍርድ ቤቱ ውል የለም አለ። የ950ው መልስ የመጀመሪያውን ኦፈር አጥፍቶታልና። እ.ኤ.አ. በ1880 ግን የስቲቨንሰንና የማክሊን ጉዳይ መጣ። ስለ ብረት ሽያጭ ነበር። ገዢው በቴሌግራም የጠየቀው በተባለው ዋጋ፣ ማስረከቢያው በሁለት ወር ተከፍሎ ትቀበላለህ ወይ፣ ካልሆነስ እስከ መቼ ጊዜ ትሰጠናለህ የሚል ነበር። ፍርድ ቤቱ ይህ ጥያቄ እንጂ ውድቅ ማድረግ አይደለም አለ፤ ኦፈሩ በሕይወት ቆየ፣ በኋላ የመጣው መቀበልም ውል ሆነ።

ልዩነቱ በአንድ ዓረፍተ ነገር አጻጻፍ ላይ ነው። «290 እንከፍላለን» ወይም «የምንወስደው በ290 ነው» ማለት ኦፈሩን ይገድላል። «290 የሚቻልበት መንገድ አለ? 300ው በተባለው ጊዜ እንደጸና ነው ብለን ነው የምንጠይቀው» ማለት አይገድለውም። የምሳሌያችን «ይቻል ይሆን?» ወደ ሁለተኛው ያዘነብላል፤ የመከራከሪያ በር ግን ይተዋል፤ ለ4,233 ዶላር ብሎ የሚከራከር ሰው ደግሞ አይጠፋም። በኢትዮጵያ በኩል ቁጥር 1694 ከኦፈሩ ጋር ያልተስማማ ወይም ቅድመ ሁኔታ ያለው መቀበል እንደ እምቢታና እንደ አዲስ ኦፈር ይቆጠራል ሲል የሃይድን መንገድ ይከተላል። ንጹህ ጥያቄን ግን መቀበል ነው ስለማይባል አይነካውም። ገዢ ከሆናችሁ በጥያቄ ምልክት ጻፉ፣ የመጀመሪያውን ኦፈር እንዳልተዋችሁም በዚያው መልእክት ግለጹ። ሻጭ ከሆናችሁና ዋጋው እየወጣ ከሆነ፣ ቅናሽ ሲጠየቅ «ይህ መልስ ኦፈሩን ውድቅ እንዳደረገ ወስደነዋል» ብላችሁ ወዲያው መልሱ። ሳትመልሱ ከቆያችሁና ረቡዕ «ተቀብለናል» ከመጣ ክርክሩ ይከፈታል።

እስከ ረቡዕ የጸና የተባለው ኦፈር በእርግጥ ይጸናል?

ኮንሲደሬሽን የሚባለው የእንግሊዝ ሕግ መሥፈርት መጀመሪያ የሚነክሰው እዚህ ነው። ነገሩ እንዲህ ነው፦ በእንግሊዝ ሕግ ቃል መግባት ብቻውን አያስርም፤ ቃሉን የተቀበለው ሰው በምትኩ አንድ ነገር መስጠት ወይም ለመስጠት ቃል መግባት አለበት። በሽያጩ ራሱ ይህ አያስቸግርም። አንዱ ቡና፣ ሌላው ገንዘብ ለመስጠት ቃል ይገባሉ፤ ቃል በቃል ተተካ። የማንም ነጋዴ ውል በዚህ ምክንያት ሲወድቅ ማየት ብርቅ ነው።

«እስከ ረቡዕ ዋጋውን አልለውጥም» የሚለው ቃል ግን ሌላ ነው። ገዢው ለዚህ ቃል ምን ሰጠ? ምንም። ስለዚህ በእንግሊዝ ሕግ ሻጩ ረቡዕ ቀትር ላይ ዋጋው ሲሮጥ አይቶ «ኦፈሩን አንስተናል» ብሎ ቢጽፍ፣ መልእክቱ ከገዢው መቀበል አስቀድሞ እስከደረሰ ድረስ ኦፈሩ ተነሳ። ይህ እ.ኤ.አ. በ1876 በዲኪንሰንና ዶድስ ጉዳይ የጸና ነው፤ እዚያም ሻጩ እስከ ዓርብ ጠዋት እጠብቃለሁ ብሎ ሐሙስ ለሌላ ሸጦ ነበር። ፍርድ ቤቱ ገዢውን አልረዳውም።

በኢትዮጵያ ሕግ ተቃራኒው ነው። ቁጥር 1690 የጊዜ ገደብ ያስቀመጠ አቅራቢ ገደቡ እስኪያበቃ ይታሰራል ይላል። የኢትዮጵያ ሕግ ኮንሲደሬሽን የሚባል መሥፈርት የለውም፤ በቁጥር 1678 የሚፈልገው ችሎታ ያላቸው ወገኖች የሰጡት ፈቃድ፣ በቂ ሆኖ የተወሰነ፣ የሚቻልና ሕጋዊ የሆነ ጉዳይ፣ ሕግ ካዘዘም ፎርም ነው። እንግዲህ አንድ ኢሜይል፣ ያንኑ ቀትር ላይ የተላከ መሻሪያ፣ በአዲስ አበባ ሕግ ከንቱ ሲሆን በለንደን ሕግ ሽያጩን ይገድላል። የእንግሊዝ ሕግ ለነጋዴ በጣም የሚመች ነው ሲባል እንሰማለን፤ በዚህ ነጥብ ላይ ግን የኢትዮጵያው ከነጋዴ ልማድ ጋር የበለጠ ይስማማል።

በእንግሊዝ ሕግ የምትዋዋሉ ገዢዎች ዋጋው በእርግጥ እንዲጠበቅላችሁ ከፈለጋችሁ መፍትሔው ርካሽ ነው። የሚሰጠው ነገር ዋጋው ተመጣጣኝ መሆን የለበትም። በወቅቱ የመጨረሻው ይግባኝ ሰሚ የነበረው የእንግሊዝ የጌቶች ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ1960 የቸኮሌት መጠቅለያ ወረቀት እንኳ ኮንሲደሬሽን ሊሆን ይችላል ብሏል። ስለዚህ «እስከ ረቡዕ 17፡00 ዋጋውን ላለመለወጥ 100 ዶላር እንከፍላለን፤ ውል ከተደረገ ከዋጋው ይታሰባል» የምትል መስመርና የሻጩ «እሺ» በቂ ናቸው።

በአሜሪካ ቡና የሚያስመጡ ወገኖቻችን ደግሞ ሌላ ሕግ ይጠብቃቸዋል። የአሜሪካ የንግድ ሕግ ወጥ ደንብ በቁጥር 2-205 ነጋዴ በተፈረመ ጽሑፍ «ይህ ኦፈር ይጸናል» ካለ ያለ ምንም ኮንሲደሬሽን ይታሰራል ይላል፤ ግን ከሦስት ወር ላልበለጠ ጊዜ። ሲያትል ያለ አስመጪና ለንደን ያለ አስመጪ ለአንድ ሻጭ ተመሳሳይ መልእክት ቢልኩ በአንድ ዓይነት ቦታ ላይ አይቆሙም ማለት ነው።

መቀበሉ የደረሰው መቼ ነው?

መሻሪያ አልተላከም እንበል፤ የገዢው «ተቀብለናል» 16፡52 ተላከ፣ 16፡53 ሻጩ ሳጥን ገባ፤ ሻጩ ግን ከቢሮ ወጥቶ ነበር፣ ያነበበው ሐሙስ ጠዋት ነው። ውል አለ?

በእንግሊዝ ሕግ በፖስታ የተላከ መቀበል ደብዳቤው ፖስታ ቤት በገባበት ቅጽበት ውል ያደርጋል። ለቴሌክስ ግን እ.ኤ.አ. በ1955 በኢንቶርስ ጉዳይ ሌላ ደንብ ወጣ፦ ወዲያው በሚደርስ መንገድ የተላከ መቀበል ውል የሚያደርገው ሲደርስ ነው። ኢሜይልን በተመለከተ እ.ኤ.አ. በ2010 በቶማስና ቢፒኢ የሕግ ቢሮ ጉዳይ ዳኛው የፖስታው ደንብ እንደማይሠራ ገልጸዋል። ዓርብ ምሽት 18፡00 ላይ የገባ ኢሜይልም ተቀባዩ ወደ ቤቱ ቢሄድም፣ በዚያ ግብይት ሁኔታ ከሥራ ሰዓት ውጪ ነው አይባልም ብለዋል። ምልከታው ጉዳዩን ለመወሰን የግድ አስፈላጊ ስላልነበረ እንደ ጽኑ ደንብ አይያዝም፤ አቅጣጫው ግን ግልጽ ነው። በሥራ ሰዓት ሳጥን ውስጥ ገብቶ ሊነበብ የሚችል ኢሜይል ደርሷል፤ ሻጩ ቡና ሊጠጣ መውጣቱ አይጠቅመውም። የእኛ 16፡53 በዚህ መለኪያ በጊዜው ነው።

በኢትዮጵያ ሕግ ጥያቄው ራሱ ይለወጣል። ቁጥር 1692 በቦታ በተራራቁ ሰዎች መካከል የሚደረግ ውል መቀበሉ በተላከበት ቦታና ቀን እንደተደረገ ይቆጠራል ይላል። 16፡52 ብቻ ነው የሚታየው። ግን ቁጥር 1693ም አለ፦ መሻሪያው ሌላው ወገን መቀበሉን ሳያውቅ ወይም በአንድ ጊዜ ከደረሰው መቀበሉ እንዳልነበረ ይቆጠራል። ስለዚህ ገዢው 16፡52 ልኮ 17፡30 ሐሳቡን ቢቀይርና ሁለቱንም ሻጩ ሐሙስ ጠዋት አብሮ ቢያነባቸው፣ ውሉ አይጸናም። በእንግሊዝ ሕግ ግን መቀበሉ 16፡53 ላይ ደርሷል ከተባለ የ17፡30ው መልእክት ጊዜ አልፎበታል።

አሁን የሚበላሽበትን መንገድ እንይ። ኢሜይሉ ተመላሽ ከሆነና የማይደርስ ማስታወቂያ ከመጣ፣ ላኪው እንዳልደረሰ እያወቀ ዝም ካለ በእንግሊዝ ሕግ መቀበል የለም። ወደ አላስፈላጊ መልእክቶች ማህደር ከገባ ክርክር አለ፤ ተቀባዩ ሳጥኑን የማያይ ከሆነ ስህተቱ የራሱ ነው የሚለው ያመዝናል፣ ነገር ግን ለ126,987 ዶላር «ያመዝናል» ላይ መተማመን አያዋጣም። ተቀባይ የሌለበት የቢሮ አድራሻ፣ ከሥራ የለቀቀ ሠራተኛ አድራሻ፣ ወይም በቅጂ ብቻ የተካተተ ኃላፊ ሌላው የታወቀ ወጥመድ ነው። ሻጩ በኦፈሩ ላይ «መቀበል ወደዚህ አድራሻ ብቻ ይላክ፤ የሚጸናውም ደርሶናል ብለን ስንመልስ ነው» ብሎ መጻፍ ይችላል፤ ሁለቱም ሕጎች ይህን ያከብራሉ። ገዢውም መልእክቱን ከላከ በኋላ በቴሌግራም ወይም በስልክ «ደረሰ?» ማለት ምንም አይከለክለውም። አንዳንዴ ከሁሉም የሚሻለው መከላከያ ይኸው ነው። ለማስረጃ ደግሞ የስክሪን ፎቶ ሳይሆን ሙሉውን መልእክት ከነራስጌው መያዝ ያስፈልጋል። መልእክቱ በየትኛው ሰርቨር ስንት ሰዓት እንዳለፈ የሚታየው እዚያ ነው።

«ኮንትራቱን እንልካለን»

የረቡዑ መልእክት «ኮንትራቱን እንልካለን» ይላል። ፒዲኤፉ እስኪፈረም ውል የለም ማለት ነው? አይደለም። ስምምነቱ የተሟላ ከሆነ ወረቀቱ የስምምነቱ መዝገብ ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 የለንደን የንግድ ፍርድ ቤት በፕሮቶን ኢነርጂና ኦርለን ሊቱቫ ጉዳይ ይህንኑ አረጋግጧል። 25,000 ቶን ድፍድፍ ዘይት ለመሸጥ የቀረበ ጽኑ ኦፈር ገዢው አረጋግጫለሁ በሚል አጭር መልስ ተቀብሎት፣ ከዚያ ዝርዝር የውል ሐሳቦች ሲለዋወጡ ቆይተው፣ ገዢው ውል የለም አለ። ፍርድ ቤቱ በኢሜይሉ ልውውጥ ውል ተደርጓል አለ።

ወረቀቱ ሳይፈረም መታሰር የማይፈልግ ሰው ይህን በግልጽ መጻፍ አለበት። በእንግሊዝ ሕግ የሚሠራው የታወቀ ቃል `subject to contract` ነው፤ በመጀመሪያው ኢሜይል መግባት አለበት፣ ከዚያ በኋላ በሚላኩትም ቢደገም ይመረጣል። በኢትዮጵያ ሕግ ቁጥር 1726 ወገኖቹ ውላቸውን በተለየ ፎርም ለማድረግ ከተስማሙ፣ ፎርሙ እስኪሟላ ውሉ አልተደረገም ይላል፤ «በሁለታችን የተፈረመ ጽሑፍ እስኪኖር ማንም አይታሰርም» ብሎ መጻፍ ያንኑ ያስገኛል።

ሐሙስ ዕለት ገዢው የላከው ፒዲኤፍ ግን ያልተነገረ ነገር ይዞ መጣ እንበል፦ «ናሙናው ካልጸደቀ ሽያጭ የለም»። ቡና ነጋዴዎች የሚያውቁት ሐረግ ነው፤ ገዢው ናሙናውን ቀምሶ ካልወደደ ጣጣ የለበትም ማለት ነው። ረቡዕ ያለ ቅድመ ሁኔታ ውል ከተደረገ፣ ሐሙስ የመጣው ሐረግ የተደረገን ውል ለመለወጥ የቀረበ ሐሳብ ብቻ ነው። ሻጩ ዝም ካለ በሁለቱም ሕግ በመርህ ደረጃ አይታሰርም፤ ዝምታ መቀበል አይደለም፣ የኢትዮጵያው ቁጥር 1682 ይህን በቃል ይለዋል። ከፈረመ ግን ራሱ ለወጠው። ፒዲኤፉን ሳያነቡ መፈረም የተለመደ ነው፤ ከረቡዑ ልውውጥ ጋር መስመር በመስመር ማስተያየት አሥር ደቂቃ ይፈጃል። ገዢው በበኩሉ የናሙናው ሐረግ ከፈለገው፣ ቦታው ረቡዕ «ተቀብለናል» ከሚለው በፊት ነበር።

ስለ ፊርማ አንድ ቃል። ለተራ የዕቃ ሽያጭ በሁለቱም ሕግ ፊርማ አያስፈልግም፤ በኢትዮጵያ ቁጥር 1719 ሕግ ካላዘዘ በቀር ፎርም ነጻ ነው፣ የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012ም ለኤሌክትሮኒክ መልእክት ሕጋዊ ዕውቅና ይሰጣል። ዋስትና ግን ሌላ ነው። በእንግሊዝ ሕግ የተፈረመ ጽሑፍ ይፈልጋል፤ እ.ኤ.አ. በ2012 በጎልደን ኦሽን ጉዳይ የይግባኝ ፍርድ ቤቱ በተከታታይ ኢሜይሎችና በደላላው ስም ብቻ ይህን መሥፈርት አሟልቷል አለ። በኢትዮጵያ ዋስትና በጽሑፍ እንዲሆን በቁጥር 1725 ታዟል፣ ቁጥር 1727 ደግሞ በጽሑፍ እንዲደረግ የታዘዘ ውል በሁለት ምስክሮች መረጋገጥን ይጨምራል። ገዢው «የእናት ድርጅታችን ዋስ ነው» ብሎ በኢሜይል ቢጽፍላችሁ፣ የሚገዛው ሕግ የትኛው እንደሆነ ሳታዩ አትደገፉበት።

ዋጋ ከተወደደ በኋላ የመጣው «እሺ»

ከሦስት ሳምንት በኋላ ገበያው ወጣ። ሻጩ ጻፈ፦ «በ300 ማቅረብ ከባድ ሆኖብናል፣ 315 ብታደርጉልን።» ገዢው ኮንቴይነሩን ለደንበኛው ቃል ስለገባበት «እሺ፣ 315» አለ። ልዩነቱ 6,349 ዶላር ነው። ቡናው ደርሶ ገዢው የከፈለው በ300 ሂሳብ ነው። ሻጩ፣ ገዢው «እሺ፣ 315» ያለበትን ኢሜይል አወጣ።

በኢትዮጵያ ሕግ ሻጩ የሚያሸንፍበት ዕድል ጥሩ ነው። ቁጥር 1675 ውልን ሲተረጉም ግዴታን ለመፍጠር፣ ለመለወጥ ወይም ለማጥፋት የሚደረግ ስምምነት ይለዋል፤ ለውጡም ራሱ ስምምነት ስለሆነ ተጨማሪ የሚሰጥ ነገር አይጠየቅም። የቀረው ክርክር ገዢው ተገዶ ነው ወይስ ወዶ የሚለው ነው።

በእንግሊዝ ሕግ ግን ገዢው ይጠይቃል፦ ለ15ቱ ሳንቲም ምን ሰጣችሁኝ? ቡናውን ማቅረብ ቀድሞም ግዴታችሁ ነበር። ይህ እ.ኤ.አ. ከ1809 ጀምሮ የቆየ አስተሳሰብ ነው። እ.ኤ.አ. በ1989 የይግባኝ ፍርድ ቤቱ በዊሊያምስና ሮፊ ጉዳይ ቀዳዳ ከፈተለት። አናጺው የ27 አፓርትመንቶችን ሥራ በ20,000 ፓውንድ ወስዶ ሲቸገር ዋና ተቋራጩ ራሱ ተጨማሪ 10,300 ፓውንድ ቃል ገባለት። ፍርድ ቤቱ ቃል የገባው ሰው ተግባራዊ ጥቅም ካገኘ፣ ለምሳሌ የመዘግየት ቅጣት ካመለጠ፣ ኮንሲደሬሽን አለ አለ። ግን ያለ ማስገደድ ከሆነ ብቻ። ገዢያችን ለደንበኛው ቃል ስለገባ ጥቅም አግኝቷል ማለት ይቻላል፤ ሻጩ «ካልሆነ አንጭንም» ብሎ አስፈራርቶ ከሆነ ግን ሌላኛው ግማሽ ይወድቃል። ይኸው ዛቻ በኢሜይል ተጽፎ ሲገኝ ሻጩን የሚያጠፋው የራሱ መልእክት ነው።

ይህን ክርክር ማስቀረት የሚቻልበት ቀላል መንገድ አለ፤ ዋጋው ሲጨመር ሌላ ነገርም አብሮ ይቀየር። «315 ሳንቲም፤ በምትኩ ጭነቱ ከጥር መጨረሻ ወደ ጥር 15 ይቀደማል» ወይም «ለናሙና ተጨማሪ 5 ኪሎ እንልካለን»። አነስተኛም ይሁን አዲስ ግዴታ ነውና በእንግሊዝ ሕግ ለውጡ ይጸናል። በአሜሪካው የንግድ ደንብ ቁጥር 2-209 ለውጥ ያለ ኮንሲደሬሽን ስለሚጸና ሲያትል ላለ ገዢ ይህ ሁሉ አያስፈልገውም፤ ቅን ልቦና ግን ይጠየቃል።

ወደ ታች ያለው ለውጥ ይበልጥ ያስቸግራል። ቡናው ደርሶ ገዢው «ገንዘብ አጥሮናል፣ 120,000 ብንከፍል ሂሳቡ ይዘጋ?» ብሎ ሻጩ «ይሁን» ቢል፣ በእንግሊዝ ሕግ ሻጩ ቀሪውን 6,987 ዶላር በኋላ ሊጠይቅ ይችላል፤ የሚቆጠር ዕዳ በከፊል መክፈል ቀሪውን እንደማያጠፋ እ.ኤ.አ. በ1884 በፎክስና ቢር ተወስኗል። የእንግሊዝ ከፍተኛው ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2018 በኤምደብሊዩቢና ሮክ ጉዳይ ይህን ደንብ የመከለስ ዕድል አግኝቶ ሳይነካው አልፎታል። ገዢው ግን «በናሙናው ከተስማማነው በታች ነው» ብሎ በቅንነት የጥራት ቅሬታ አንስቶ በ120,000 ቢስማሙ፣ ክርክሩን መተው ራሱ ኮንሲደሬሽን ስለሆነ ስምምነቱ ይጸናል። ስለዚህ ቅናሽ የሚቀበል ሻጭ ኢሜይሉ ላይ ምክንያቱ በትክክል የትኛው እንደሆነ ማየት አለበት፤ «ስለ ጥራቱ ያለንን ልዩነት ለመዝጋት» የሚል ቃል ካለ ቀሪው ሂሳብ በዚያው አበቃ፣ ከሌለ ግን ሦስት ሳምንት ቆይቶ የቀሪ ክፍያ ጥያቄ መላክ ይችላል።